የዝናብ ዕድል 40 በመቶ ሲባል፦ ቁጥሩን ለሶሌታ ሙሌት ቀን እንዴት እንጠቀምበት?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ትናንሽ የመኖሪያ ቤቶችን እሠራለሁ። በዚህ በሚያዝያ ወር፣ የፊታችን ቅዳሜ ሶሌታ ለመሙላት ሚክሰርና የቀን ሠራተኛ ይዣለሁ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምረን 9 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን። ስልኬ ላይ ያለው ትንበያ ለቅዳሜ 40%፣ 2 ሚሊ ሜትር ይላል። በየሰዓቱ ከፍቼ ሳየው ግን ጠዋት ከ5% በታች፣ ከቀኑ 8 ሰዓት 20%፣ 9 እና 10 ሰዓት 30%፣ 11 ሰዓት 20% ነው፤ 40 የሚል የትም የለም። ብሰርዝ 45 ሺህ ብር ይባክናል፤ ኃይለኛ ዝናብ ቢያበላሸው ደግሞ ማስተካከያው እስከ 180 ሺህ ብር ይደርሳል። ባለፈው ሳምንት 60% ብሎ ጠብታ አልወረደም። ይህ 40% ምን ማለት ነው? ልሙላ ወይስ ልተው?»

ምላሽ፦ በሰጡኝ ቁጥሮች ብቻ ብፈርድ ሥራውን አይሰርዙ እላለሁ፤ ነገር ግን የሚጀምሩበትን ሰዓት በሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ያድርጉት፣ ሶሌታውን በሙሉ የሚሸፍን ላስቲክም አስቀድመው ቦታው ላይ ያኑሩ። ወደዚህ መደምደሚያ ያደረሰኝ 40 የሚለው ቁጥር ብቻውን አይደለም። እንዲያውም ያንን ቁጥር እንዳለ ወስደው ቢያሰሉ ውሳኔዎ የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር፤ ይህ ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አስረዳለሁ።

የዝናብ ዕድል በመቶኛ ሲነገር ከቁጥሩ ጀርባ ሦስት ነገሮች ተወስነዋል፦ ቦታ፣ የጊዜ ክልል እና ዝቅተኛ የዝናብ መጠን። ቦታው አንድ ነጥብ ነው፤ ማለትም የእርስዎ የግንባታ ቦታ እንጂ ጠቅላላው ከተማ አይደለም። የጊዜ ክልሉ በእርስዎ ስልክ ላይ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ነው። ዝቅተኛው መጠን ደግሞ «ዘነበ» ለማለት የሚያበቃው ልኬት ሲሆን፣ ከ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዝናብ ዕድልን በመቶኛ ለሕዝብ ሲያቀርብ የኖረው የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማን፣ የካናዳው ደግሞ 0.2 ሚሊ ሜትርን ይወስዳሉ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ስለሆነ፣ ሩብ ሚሊ ሜትር በካሬ ሜትር ሩብ ሊትር ብቻ ነው። እንግዲህ 40 በመቶ የሚለው ቁጥር ሲተረጎም፣ ቅዳሜ በሃያ አራቱ ሰዓታት ውስጥ በአንድ ወቅት እርስዎ ባሉበት ነጥብ ላይ መሬቱን እርጥብ ለማድረግ የሚበቃ ዝናብ የመውረዱ ዕድል ከአሥር አራት ነው፣ ያለመውረዱ ዕድል ደግሞ ከአሥር ስድስት ነው ማለት ነው። ስለ ዝናቡ ኃይልም ሆነ ስለሚቆይበት ጊዜ ቁጥሩ አንዳች አይናገርም።

ሰዎች ይህንን በተለያየ መንገድ ይረዱታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት በአምስተርዳም፣ በአቴንስ፣ በበርሊን፣ በሚላንና በኒው ዮርክ «ነገ 30 በመቶ የዝናብ ዕድል አለ» የሚለውን አነጋገር ሰዎች እንዴት እንደሚረዱት ጠይቆ ነበር፤ አብዛኛው ሰው ትክክለኛውን ትርጉም የመረጠው በኒው ዮርክ ብቻ ነበር። በቀሩት ከተሞች ብዙዎች የቀኑን 30 በመቶ የሚሆነውን ጊዜ ሲዘንብ ይውላል ወይም ከአካባቢው 30 በመቶ በሚሆነው ላይ ይዘንባል ብለው ተረድተውት ነበር። የመጀመሪያው ፈጽሞ ስህተት ነው። ሁለተኛው ግን ከቁጥሩ አሠራር ጋር የተወሰነ ዝምድና ስላለው ጥቂት ልቆይበት።

የ40 በመቶ ዕድል በሁለት የተለያዩ ሁኔታዎች ሊገኝ ይችላል። በአንደኛው ትንበያ ሰጪው ዝናብ መምጣቱን በእርግጠኝነት ያውቃል፤ ነገር ግን ደመናው ቁርጥራጭ ስለሆነ ከአካባቢው አራት አሥረኛውን ብቻ እንደሚነካ ይገምታል፤ የትኛውን እንደሚነካ ግን አያውቅም። በሌላኛው ደግሞ ዝናቡ ከመጣ ሁሉንም ቦታ የሚያዳርስ ሰፊ ደመና ነው፤ መምጣቱ ግን በ40 በመቶ ብቻ የሚታመን ነው። በሁለቱም አንድ ነጥብ ላይ የሚኖረው ዕድል 40 በመቶ ሆኖ ይወጣል። በሚያዝያ አዲስ አበባ ላይ የሚያጋጥመን በአብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ቦሌ ላይ ጎርፍ ሲወርድ ኮልፌ ላይ አቧራ እንደሚነሣ የከተማው ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት እርስዎ ጋ ጠብታ ባይወርድም ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሰፈር ተጥለቅልቆ ሊሆን ይችላል።

ያም ሆነ ይህ፣ ያለፈው ሳምንት 60 በመቶ ስህተት ነበር ለማለት አንድ ቀን አይበቃም። 60 በመቶ ሲባል ከአሥር እንዲህ ዓይነት ቀናት አራቱ ደረቅ ሆነው እንዲያልፉ ይጠበቃል፤ ያ ቀን ከአራቱ አንዱ ነበር ማለት ነው። ትንበያው ታማኝ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ቀናትን ሰብስቦ ማየት ያስፈልጋል፦ 40 በመቶ ያለባቸውን ቀናት ለብቻ ሰብስበው ቢቆጥሩ ከእነርሱ 40 በመቶ ያህሉ ዘንቦባቸው መገኘት አለባቸው፤ 10 በመቶ ያለባቸው ደግሞ ከአሥር አንዱ። ይህንን ራስዎ መመዝገብ ይችላሉ። ዋናው ቁም ነገር መተግበሪያውን አለመቀያየር፣ ቁጥሩን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ለምሳሌ ዋዜማው ማታ ማንበብ፣ ዝናቡንም ሁልጊዜ በአንድ ቦታ መታዘብ ነው። በዚህ ዓይነት ሃያ የ40 በመቶ ቀናት ቢሰበስቡ ስምንቱ ይዘንባሉ ብለው ይጠብቁ፤ ነገር ግን አምስት ወይም አሥራ አንድ ቢሆኑም በአጋጣሚ የሚከሰት ልዩነት ስለሆነ ትንበያውን አይኮንኑት። አሥራ ሰባቱ ከዘነቡ ወይም ሁለቱ ብቻ ከዘነቡ ግን ቁጥሩ ለእርስዎ ሰፈር የተዛባ መሆኑን ያወቁ ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ሲያነቡት በልብዎ እያረሙ ያንብቡት።

እንዲህ ያለ መዛባት በእኛ አገር የሚጠበቅ ነው፤ ምክንያቱም ስልክ ላይ የሚታየው ቁጥር በአብዛኛው ከዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ሞዴሎች በቀጥታ የሚወሰድ ነው። የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ለምሳሌ በመነሻው የአየር ሁኔታ ላይ ጥቃቅን ልዩነቶችን እያደረገ ያንኑ ትንበያ 51 ጊዜ ያሰላል፤ ከ51ዱ በ20ዎቹ እርስዎ ባሉበት አካባቢ ዝናብ ከታየ ዕድሉ 40 በመቶ ገደማ ነው ይባላል። ችግሩ እነዚህ ሞዴሎች ምድርን ከፋፍለው የሚያሰሉበት አንድ ሳጥን ከዘጠኝ እስከ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር የሚሰፋ መሆኑ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ የሚነሣ የከሰዓት በኋላ የነጎድጓድ ደመና ግን ከዚህ ሊያንስ ስለሚችል ሞዴሉ ደመናውን ራሱን አያየውም፤ በቀመር ይገምተዋል እንጂ። በዚህ ምክንያት በሐሩር አካባቢዎች ሁለት የታወቁ ጉድለቶች ይታያሉ፦ ሞዴሎቹ ቀላል ዝናብን ከእውነታው በበለጠ ብዙ ቀናት ላይ ያሳያሉ፤ የከሰዓት በኋላውን ዝናብም ከሚመጣበት ሰዓት ቀደም አድርገው ወደ እኩለ ቀን ያስጠጉታል። ሁለተኛው ጉድለት ለእርስዎ ቀጥተኛ ትርጉም አለው፤ ስልክዎ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚለው ዝናብ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ሊመጣ ይችላል፤ ቀድሞ ከሚመጣበት ይልቅ ዘግይቶ የሚመጣበት ዕድል ይሰፋል።

አሁን ወደ ጠፋው 40 እንመለስ። የሰዓቱ ቁጥር በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ይዘንባል ወይ የሚል ጥያቄ መልስ ነው፤ የቀኑ ቁጥር ደግሞ ከሰዓታቱ ቢያንስ በአንዱ ይዘንባል ወይ ለሚለው ነው። ስለዚህ የቀኑ ቁጥር ከሰዓታቱ ትልቁ ሊያንስ አይገባም፤ በእርስዎ ሁኔታ ከ30 በታች ሊሆን አይችልም ማለት ነው። በተግባር ላይኛው ጫፍ የሚገኘው ደግሞ ሰዓታቱ እርስ በርስ ምንም ግንኙነት የላቸውም ብለን ስናስብ ነው፤ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ያሉት አራቱ ሰዓታት ሁሉም ደረቅ ሆነው የማለፋቸው ዕድል 0.8 በ0.7 በ0.7 በ0.8 ሲባዛ 0.31 ስለሚሆን፣ ቢያንስ በአንዱ የመዝነቡ ዕድል 69 በመቶ ይሆናል። እውነተኛው ቁጥር ከ30 እስከ 69 ባለው መካከል አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፤ የት ላይ እንደሚያርፍም በሰዓታቱ ትስስር ይወሰናል። የእርስዎ 40 ወደ ታችኛው ጫፍ የቀረበ በመሆኑ ጠቃሚ ነገር ይነግረናል፦ ሰዓታቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ዝናብ ነው። ዝናቡ ከመጣ የሚመጣው በዚያው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከሚዘንብባቸው የሞዴሉ ስሌቶች ውስጥ ሦስት አራተኛው ያህል በ9 ሰዓት ላይ፣ ያንኑ ያህልም በ10 ሰዓት ላይ ዝናብ ያሳያሉ ማለት ነው። ሰዓታቱን መደመር ግን ምንም ትርጉም የለውም፤ 20፣ 30፣ 30 እና 20 ተደምረው 100 በመሆናቸው «በእርግጠኝነት ይዘንባል» ያለ ሰው አጋጥሞኛል።

በነገራችን ላይ ስልክዎ ሰዓቱን የሚያሳየው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሆነ ስድስት ሰዓት መቀነስዎን፣ ስልኩም በአዲስ አበባ ሰዓት መሞላቱን ያረጋግጡ። የስልኩ «ቅዳሜ» ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተነሥቶ እስከ ቀጣዩ ሌሊት 6 ሰዓት ስለሚዘልቅ፣ አንዳንድ ጊዜ የቀኑ ትልቅ ቁጥር ሙሉ በሙሉ የሚመጣው ሁሉም ሰው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ከሚዘንብ ዝናብ ነው። የቀኑን ቁጥር ብቻ አይቶ የሰረዘ ሰው ደረቅ ቀን አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

ሚሊ ሜትሩንም እንየው። ብዙ መተግበሪያዎች የሚያሳዩት መጠን የሁሉም ስሌቶች አማካይ ነው፤ የማይዘንብባቸውም ዜሮ ሆነው በአማካዩ ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ከሆነ 2 ሚሊ ሜትር ለ0.4 ሲካፈል 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ማለትም ከዘነበ በአማካይ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠበቃል። 5 ሚሊ ሜትር በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢወርድ በካሬ ሜትር አምስት ሊትር ነውና ገና ያልጠነከረ ኮንክሪት ላይ ሲወርድ ላዩን ያለውን የሲሚንቶ ልቁጥ አጥቦ አሸዋውንና ጠጠሩን ያስቀረዋል። ይሁን እንጂ አማካይ 5 ሲሆን ብዙዎቹ ዝናቦች ከዚያ ያንሳሉ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ 15 እና 20 ይደርሳሉ። የሚጎዳዎት ኃይለኛው ብቻ ስለሆነ ከሚዘንቡት ግማሽ ያህሉ ጎጂ ናቸው ብለን እንያዝ። ይህ የእኔ ግምት እንጂ መተግበሪያው የሰጠን ቁጥር አይደለም፤ ቢሆንም ማንኛውም ጠብታ ያበላሸዋል ብሎ ከማሰብ ወደ እውነቱ ይቀርባል። እንዲህም ሲሆን የጎጂ ዝናብ ዕድል ለሙሉው ቀን ከ40 ወደ 20 በመቶ ይወርዳል።

ቀጥሎ ሰዓቱን እንቆርጣለን። ኮንክሪት ለኃይለኛ ዝናብ የሚጋለጠው ከፈሰሰበት ጊዜ ጀምሮ መጠንከር እስኪጀምር ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው፤ እንደ ሲሚንቶው ዓይነትና እንደ አየሩ ሙቀት የሚለያይ ስለሆነ ትክክለኛውን ከመሐንዲስዎ ይጠይቁ፤ እኔ ለስሌት ያህል አራት ሰዓት እይዛለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ለስላሳ ዝናብ ጉዳት የለውም፤ በማግሥቱ እርስዎ ራስዎ ውኃ ሊያጠጡት አይደል? በአሁኑ ዕቅድዎ 3 ሰዓት ጀምረው 9 ሰዓት ከጨረሱ፣ የመጨረሻው ክፍል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ የተጋለጠ ነው፤ ይህም ከ8 እስከ 11 ሰዓት ያለውን አደገኛ ክልል ሙሉ በሙሉ ያቅፋል። ስለዚህ የጎጂ ዝናብ ዕድልዎ ያው 20 በመቶ ነው። ጎህ ሲቀድ 12 ሰዓት ላይ ጀምረው ሥራውን ሳያስረዝሙ 6 ሰዓት ላይ ቢጨርሱ ግን የመጨረሻው ክፍል የሚጋለጠው እስከ 10 ሰዓት ብቻ ነው፤ ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ድረስ የፈሰሰው ደግሞ አደገኛው ሰዓት ከመድረሱ በፊት ጠንክሯል። ሞዴሉ ዝናቡን የማስቀደም ልማድ እንዳለው ከላይ ያልኩትን እዚህ ላይ ይጨምሩበት። በዚህ ክልል ውስጥ የመዝነቡን ዕድል 30 በመቶ ገደማ፣ ጎጂ የመሆኑን 15 በመቶ እንያዝ፤ የሚነካውም ሶሌታው በሙሉ ሳይሆን መጨረሻ የተሞላው ክፍል ስለሆነ የጉዳቱ መጠን ራሱ ይቀንሳል። በአንድ ሚክሰር ፋንታ ሁለት ይዘው 4 ሰዓት ላይ መጨረስ ከቻሉ ደግሞ ዕድሉ ከዚህም በታች ይወርዳል።

አሁን ብሩን እናስላ። ላስቲክ ገዝቶ ወይም ተከራይቶ፣ የሚዘረጉትንም ሰዎች ጨምሮ 9 ሺህ ብር ይፈጃል ብለን እናስብ፤ በደንብ ተሸፍኖም ቢሆን ንፋስ ገልጦት ወይም ጫፉ ላይ ውኃ ገብቶ የሚደርሰው ጉዳት 40 ሺህ ብር ነው እንበል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ምትክ የራስዎን ያስገቡ። በቀድሞው የ3 ሰዓት ዕቅድና በ20 በመቶ የጎጂ ዝናብ ዕድል፣ ያለ ላስቲክ ቢሞሉ የሚጠበቀው ኪሳራ የ180 ሺህ ብር 20 በመቶ፣ ማለትም 36 ሺህ ብር ነው። በላስቲክ ከሆነ 9 ሺህ ብር ሲደመር የ40 ሺህ ብር 20 በመቶ፣ በጠቅላላው 17 ሺህ ብር ነው። መሰረዝ ደግሞ ቁርጥ 45 ሺህ ብር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ጀምረው በላስቲክ ከሠሩ፣ በ15 በመቶ ሲሰላ ቢበዛ 15 ሺህ ብር ይሆናል። ይህንን ሁሉ ሳያዩ 40 በመቶን በቀጥታ በ180 ሺህ ብር ቢያባዙ ግን 72 ሺህ ብር ይወጣና ከ45 ሺህ ብር ይበልጣል፤ «ልሰርዝ» ይሉ ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ውሳኔው የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር ያልኩት ይህንን ነው።

ከዚህ ስሌት ለሌላም ቀን የሚያገለግሉ መቁረጫ ቁጥሮች ይገኛሉ። የመከላከያውን ወጪ መከላከያው በሚያድነው ገንዘብ ሲያካፍሉ፣ የዝናብ ዕድሉ ከዚያ ሲበልጥ መከላከል ያዋጣል፤ ሲያንስ ደግሞ ያለ መከላከያ መሥራት ያዋጣል። ላስቲኩ 9 ሺህ ብር ወጥቶበት 140 ሺህ ብር ስለሚያድን መቁረጫው 6 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የጎጂ ዝናብ ዕድል ከ6 በመቶ በላይ በሆነበት ቀን ሁሉ ላስቲክ መያዝ አለበት፤ በበልግና በክረምት ይህ ማለት ዘወትር ማለት ነው። ላስቲክ የሌለው ሰው ለመሰረዝ የሚቆርጠው በ25 በመቶ ነው፤ 45 ለ180። ላስቲክ የያዘ ሰው ግን የሚሰርዘው ዕድሉ 90 በመቶ ሲደርስ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም መሰረዝ ተጨማሪ 36 ሺህ ብር አስወጥቶ የሚያድነው 40 ሺህ ብርን ነው። አንድ ዓይነት ትንበያ ያነበቡ ሁለት ሥራ ተቋራጮች አንዱ ሞልቶ ሌላው ቢሰርዝ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ የሚችሉት ለዚህ ነው፤ ትንበያው አንድ ቢሆንም መቁረጫቸው የተለያየ ነው። ይህ ስሌት ግን የሚሠራው ኪሳራው ቢደርስ መሸከም ለሚችል ሰው ነው። 180 ሺህ ብር አንድ ጊዜ ቢጠፋ ሥራዎ የሚቆም ከሆነ በአማካይ አያስቡ፤ መቁረጫዎን ዝቅ ያድርጉ።

መሰረዝን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሥራው ቀረ ማለት ወደ ሌላ ቀን ተላለፈ ማለት ነው፤ ያ ሌላ ቀንም የራሱ የዝናብ ዕድል አለው። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ቢሆን 40 በመቶ ከወቅቱ ልማድ በጣም የራቀ ስለሆነ ሁለት ቀን መታገስ ሰማዩን ሊያጠራው ይችላል፤ ማዘግየት ያን ጊዜ እውነተኛ ጥቅም አለው። በሐምሌና በነሐሴ አዲስ አበባ ላይ የማይዘንብበት ቀን ጥቂት በመሆኑ ዛሬን በ80 በመቶ ሰርዞ ለነገ ሌላ 80 በመቶ መጠበቅ ገንዘብ ማባከን ነው፤ በዚያ ወቅት የቀኑን ቁጥር ጨርሶ ትቶ ሰዓቱንና መጠኑን ብቻ መመልከት ይሻላል። ሚያዝያ ከሁለቱ መካከል ነው። የበልግ ዝናብ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣ እርጥበት አዘል አየር በከፍታው ላይ ካለ የአየር ሞገድ ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ስለሆነ ለጥቂት ቀናት ይጠናከርና ደግሞ ለጥቂት ቀናት ይላላል። ስለዚህ ከመሰረዝዎ በፊት የሚቀጥለውን ሳምንት ቁጥሮች አይተው ይወስኑ፤ ሰኞና ማክሰኞ 10 በመቶ ከሆኑ ማዘግየቱ ትርጉም አለው፤ እነርሱም 40 ከሆኑ የለውም። ከአምስት ቀን በላይ ርቆ ያለን ቁጥር ግን ከወቅቱ የተለመደ ሁኔታ የተለየ ብዙ ነገር ስለማይነግር አይደገፉበት።

ቁጥሩ እስከ ቅዳሜ ድረስ መቀየሩ አይቀርም። ረቡዕ 40 የነበረው ዓርብ ማታ 15 ወይም 70 ቢሆን ይህ ትንበያው መዋሸቱን አያሳይም፤ አዲስ ምልከታ ገብቶበት ነው። የመጨረሻውን ውሳኔ በዓርብ ማታው ቁጥር ያድርጉ፤ በዚያ ሰዓት የጎጂ ዝናብ ዕድሉን በድጋሚ አስልተው ከመቁረጫዎ ጋር ያነጻጽሩት። የአንዱ መተግበሪያ ቁጥር ከሌላው ቢለያይ አማካዩን ከማውጣትዎ በፊት ሁለቱም ስለ አንድ የጊዜ ክልል ማውራታቸውን ይመልከቱ፤ አብዛኛው ልዩነት የሚመጣው ከዚያ ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውንም ዕለታዊ ትንበያ ያንብቡ፤ በጽሑፉ ውስጥ ነጎድጓድ ወይም ከባድ ዝናብ ተብሎ ከተጠቀሰ ጎጂ ናቸው ብዬ የያዝኩትን ግማሽ ወደ ሁለት ሦስተኛ ከፍ ያድርጉት።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራው ከተጀመረ በኋላ ከስልኩ ይልቅ ሰማዩ የበለጠ ይነግርዎታል። የከሰዓት በኋላው ዝናብ ፀሐይ መሬቱን አሙቃ አየሩን ወደ ላይ ስትልከው የሚገነባ በመሆኑ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ የጥጥ ክምር የመሰለው ደመና ወደ ጎን ብቻ እየሰፋ ከሆነ ጊዜ አለዎት። በዚያ ሰዓት ወደ ላይ እያደገ ቁመቱ ከስፋቱ የሚበልጥ ከሆነ ግን ዝናቡ ከትንበያው ቀድሞ ሊመጣ ነው። የሜቴዎሳት ሳተላይት ምስሎች በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው ስለሚታደሱ በስልክ ከፍተው የደመናውን እድገትና የሚሄድበትን አቅጣጫ መከታተል ይችላሉ፤ ሦስት ተከታታይ ምስሎች ላይ ነጩ እየደመቀና ወደ እርስዎ እየተጠጋ ከታየ፣ ወይም ቀዝቃዛ ንፋስ በድንገት አቅጣጫ ቀይሮ ከነፈሰ፣ ያን ጊዜ የሚቀረው በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። በዚያ ሰዓት ሚክሰሩን አቁሞ ላስቲኩን መዘርጋት እንጂ የቀረውን ለመጨረስ መሯሯጥ አያዋጣም። ይህ እንዲሆን ሥራው በመሐል ቢቋረጥ ሙሌቱ የት ላይ ሊቆም እንደሚችል አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ዓርብ ከመሐንዲሱ ጋር ፌሮው ላይ ቦታውን በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ላስቲኩን የሚይዙት አራት ሰዎች ማን ማን እንደሆኑም ሙሌቱ ከመጀመሩ በፊት ይንገሯቸው።